የክሪያቲን ዱቄት፣ ካፕሱል፣ ክኒን እና ጋሚ፦ አንዱ የዕለት ልክ በእውነት ስንት ያስወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ጂም ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። ለጡንቻ ጉልበት የሚወሰደውን ክሪያቲን ልጀምር ብዬ ሱቅ ብሄድ አራት ዓይነት አገኘሁ። ዱቄቱ 500 ግራም በ25 ዶላር ነው። ካፕሱሉ 120 ፍሬ በ18 ዶላር ሲሆን አንዱ 750 ሚሊግራም ሞኖሃይድሬት ይላል። ክኒኑ 180 ፍሬ በ27 ዶላር፣ አንዱ 1 ግራም ነው። እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ጋሚ 60 ፍሬ በ24 ዶላር ሲሆን አራት ፍሬ 5 ግራም ክሪያቲን አለው ይላል፤ የተጣራ ክብደቱ 240 ግራም፣ የአራት ፍሬ ስኳሩ ደግሞ 12 ግራም ነው። እኔን የሚቀለኝ ጋሚው ነበር፤ ዱቄቱ ከብርጭቆው ሥር አሸዋ ሆኖ ይቀራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለወንድሜም አዲስ አበባ ልልክለት አስቤያለሁ፤ እሱ ደግሞ ይጾማል። የቱን ልግዛ?

መልስ፦

የጋሚውን ክብደትና ስኳር አብረው መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ከአራቱ ዕቃዎች መካከል የአንዱ ጽሑፍ እርስ በርሱ እንደሚጣላ የሚያሳየው እሱ ነውና። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን አራቱንም በአንድ መስፈሪያ ማስቀመጥ ይኖርብኛል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚያርፈው በዕቃው ዋጋና በፍሬው ብዛት ላይ ነው፤ ሰውነትዎ የሚቀበለው ግን ግራም ነው።

ለአብዛኛው አዋቂ በየዕለቱ ከ3 እስከ 5 ግራም ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ይበቃል። ስሌቱን በ5 ግራም እሠራለሁ፤ እርስዎ 3 ግራም ቢወስዱም የአራቱ የዋጋ ቅደም ተከተል አይለወጥም። 500 ግራሙ ዱቄት 100 የዕለት ልክ ይወጣዋል፤ ስለዚህ አንዱ 25 ሳንቲም ነው። ክኒኑ በጠቅላላ 180 ግራም ስለሚሆን 36 ቀን ይበቃል፤ የቀኑ 75 ሳንቲም ይመጣል። ካፕሱሉ 120 ፍሬ ቢሆንም በውስጡ ያለው 90 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም 18 የዕለት ልክ ሲሆን አንዱ 1 ዶላር ይሆናል። ካፕሱል ለሁለት ስለማይከፈል ግን በተግባር በቀን ሰባት ፍሬ መዋጥዎ አይቀርም፤ ዕቃውም በ17 ቀን ያልቃል። ጋሚው፣ የተጻፈበትን ሁሉ እንዳለ ብናምን፣ 15 ቀን ይበቃል፤ የቀኑም 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። በወር ሲታሰብ ዱቄቱ 7 ዶላር ከ50፣ ክኒኑ 22 ዶላር ከ50፣ ካፕሱሉ 30 ዶላር፣ ጋሚው 48 ዶላር ይሆናል። እርካሽ መስሎ የታየዎት የ18 ዶላሩ ካፕሱል በወር ሲታይ ከዱቄቱ አራት እጥፍ ነው።

አንዳንድ ሰው ሲጀምር ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን በቀን 20 ግራም በአራት ከፍሎ ይወስዳል። ግዴታ አይደለም፤ በትንሹ ልክ የጀመረም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እዚያው ይደርሳል። ያን ለማድረግ በካፕሱል ቢያስቡ ግን በቀን 27 ፍሬ መዋጥ ማለት ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ከዱቄት ሌላ የሚመች የለም።

ስሌቱ ልክ የሚሆነው በመለያው ላይ ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሲታወቅ ነው። «ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት» ማለት አንድ የክሪያቲን ሞለኪውል ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ጋር ተያይዞ ማለት ሲሆን፣ ከክብደቱ ከመቶ 88 እጅ ገደማ ንጹሕ ክሪያቲን፣ ቀሪው ውሃ ነው። 5 ግራም ሞኖሃይድሬት ወደ 4.4 ግራም ክሪያቲን ይሰጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥናቶቹ የተሠሩትና የ5 ግራሙ ልክ የወጣው በሞኖሃይድሬቱ ስለሆነ ተቀንሶ የሚታሰብ ነገር የለም። የእርስዎ ካፕሱል ሞኖሃይድሬት ይላልና ደህና ነው። ከአጠገቡ «ክሪያቲን ኤችሲኤል» የሚል ሌላ ካፕሱል አይተው ከሆነ ግን እሱ ከመቶ 78 እጅ ገደማ ብቻ ክሪያቲን ነው፤ በውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ በትንሽ ልክ ይበቃል ተብሎ ይሸጣል። በውሃ መሟሟቱ እውነት ነው። ከዚያ ተነሥቶ 750 ሚሊግራም የ5 ግራምን ሥራ ይሠራል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሞኖሃይድሬቱ ራሱ ከአንጀት በደንብ ስለሚገባ፣ ቶሎ መሟሟት ብቻ የጎደለውን ግራም አይተካም።

አሁን ወደ ጋሚው ልምጣ። አራት ፍሬ 5 ግራም ክሪያቲን አለው ይላል። ዕቃው 240 ግራም ሆኖ ፍሬው 60 ከሆነ አንዱ 4 ግራም፣ አራቱ 16 ግራም ይመዝናሉ። ከዚህ 16 ግራም ውስጥ 12ቱ ስኳር ነው ተብሏል። 12 እና 5 ሲደመሩ 17 ናቸው። ውሃውን፣ የሚያጣብቀውን ጄላቲን ወይም ፔክቲን፣ አሲዱንና ቀለሙን ገና ሳንቆጥር ይዘቱ ከራሱ ክብደት በልጧል። እንዲህ ያለ ከረሜላ በተለምዶ ከመቶ ከ15 እስከ 20 እጅ ውሃ ይይዛል፤ በትንሹ ብንወስድ ከ16 ግራሙ 2.4 ግራም ውሃ ነው። ስኳሩና ውሃው ሲወጡ የሚቀረው 1.6 ግራም ነው፤ ጄላቲኑም ሆነ ክሪያቲኑ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ወይ ስኳሩ ወይ ክሪያቲኑ በተሳሳተ ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስኳሩ ትክክል ከሆነና ያ የቀረው ሁሉ በልግስና 1.5 ግራም ክሪያቲን ነው ብንል እንኳ፣ በጠቅላላ ዕቃው ውስጥ 22.5 ግራም ብቻ ይኖራል፤ የ5 ግራሙ እውነተኛ ዋጋም ከ5 ዶላር በላይ ይሆናል።

ይህን ስሌት በሌላ ጋሚ ላይ ሲሠሩት «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውን መስመር ሳይሆን የስኳሩን መስመር ይጠቀሙ። በአሜሪካ መለያዎች ላይ የጠቅላላው ቁጥር የሚገኘው በመቀነስ ነው፤ ከክብደቱ ላይ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ውሃና ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ተነሥተው የቀረው ሁሉ በካርቦሃይድሬት ስም ስለሚመዘገብ ሌላም ነገር ሊያቅፍ ይችላል። ስኳር ግን ለብቻው የሚቆጠር ነው። በስኳር ፈንታ ማልቲቶልን የመሰለ የስኳር አልኮል የገባበት ከሆነም እሱን ደምረው ያስሉት። ድምሩ የማይጣላ ከሆነ ጋሚው ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ፤ ስሌቱ የማይቻለውን ያወጣል እንጂ በውስጡ ያለውን አይቆጥርም።

ጋሚ ከሌሎቹ ይልቅ የሚቸገርበት ምክንያት ከኬሚስትሪው ይመነጫል። ክሪያቲን በደረቅነቱ እጅግ ጽኑ ነው፤ ደረቅ ዱቄቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለዓመታት ተቀምጦ መበላሸት እንዳልታየበት ተለክቷል። ውሃና አሲድ ሲያገኝ ግን በራሱ ላይ ይታጠፍና አንድ የውሃ ሞለኪውል ጥሎ ክሪያቲኒን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ክሪያቲኒን ለጡንቻ የማይጠቅም፣ በሽንት የሚወጣ ቅሪት ነው። በውሃ በተሟሟ ክሪያቲን ላይ በ25 ዲግሪ በተደረገ ልኬት፣ አሲድነቱ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ በሚበረታበት በፒኤች መለኪያ፣ 5.5 ሲሆን በሦስት ቀን ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ገደማ፣ በ4.5 ወደ 12፣ በ3.5 ደግሞ ወደ 21 እጅ ይለወጣል። የጋሚ ጎምዛዛ ጣዕም የሚመጣው ከሲትሪክ አሲድ ሲሆን ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው። እርግጥ ጋሚ ፈሳሽ አይደለም፤ ውሃው ጥቂትና የታሰረ ስለሆነ ለውጡ ይዘገያል። ነገር ግን ከፋብሪካ እስከ እርስዎ ጓዳ የሚቆየው ሦስት ቀን ሳይሆን ብዙ ወር ነው፤ ሲሠራም ከትኩስ ሽሮፕ ጋር ነው የሚቀላቀለው። በዚያ ላይ ክሪያቲን በሽሮፕ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ማማሰሉ ካልበረታ ወደ ሥር ይወርድና አንዱ ፍሬ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይይዛል።

በዚህም የተነሣ በ2024 እና በ2025 በአሜሪካና በእንግሊዝ ገበያ የተሸጡ ጋሚዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ሲመረመሩ፣ ጥቂቶቹ የተጻፈውን ሲያሟሉ ሌሎቹ ከግማሽ በታች፣ አንዳንዶቹም እዚህ ግባ የማይባል ክሪያቲን ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲያነቡ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ የክሪያቲኑንና የክሪያቲኒኑን። ክሪያቲኑ አንሶ ክሪያቲኒኑ ከፍ ካለ፣ አምራቹ አስገብቶ ነበር፤ በአሲዱና በሙቀቱ ተበላሽቷል። ሁለቱም ካነሱ ግን ከመጀመሪያውም አልገባም፣ ወይም በማማሰሉ ጉድለት ሌላ ፍሬ ውስጥ ቀርቷል። ለአምራቹ ደብዳቤ ጽፈው የምርመራ ወረቀት ቢጠይቁ፣ ወረቀቱ ያለቀውን ጋሚ ሳይሆን ከሌላ ፋብሪካ የተገዛውን ጥሬ ዱቄት ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ያገኙት ይሆናል። ዱቄቱ ንጹሕ መሆኑ ለጋሚው አይመሰክርም። ከጀርመን የሚመጣውን ክሪያፑርን የመሰለ የታወቀ የጥሬ ዕቃ ስም ከጋሚ ላይ ቢታተምም ነገሩ ያው ነው። ወረቀቱ በእጅዎ ካለው ዕቃ ሥር የተመታውን የምርት ቁጥር ይዞ፣ ያለቀውን ፍሬ የመረመረ መሆን አለበት።

በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት እነዚህ ዕቃዎች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በኤፍዲኤ አይጸድቁም፤ ይዘታቸው ትክክል እንዲሆን ኃላፊነቱ የአምራቹ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመረምር አካል ማኅተም፣ ለምሳሌ የኤንኤስኤፍ ወይም የዩኤስፒ፣ ካለበት እሱን ማስቀደም ይገባል። ማኅተሙ በማሸጊያው ላይ መታየቱ ብቻ እንዳያሳምንዎ፤ በሰጪው ድረ ገጽ ላይ የዕቃው ስምና ዓይነት እንደተመዘገበ ይመልከቱ። የአንድ ኩባንያ ዱቄት ተመዝግቦ ጋሚው ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላልና።

ስለ አሸዋው የሰሙት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት በቀዝቃዛ ውሃ ሰነፍ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 14 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከፍሪጅ በወጣ በ4 ዲግሪ ውሃ ወደ 6 ግራም ይወርዳል፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ ወደ 34 ግራም ይወጣል። ይህን ወደ ብርጭቆ ብንመልሰው፣ 5 ግራሙ ሙሉ በሙሉ እንዲሟሟ ከፍሪጅ ከወጣ ውሃ ከ800 ሚሊሊትር በላይ፣ በክፍል ሙቀት ካለ ውሃ 360 ሚሊሊትር ገደማ፣ ለብ ብሎ ለአፍ ከሚመች ሻይ ግን 150 ሚሊሊትር ብቻ ይፈልጋል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ማለት ነው። በሻይ ውስጥ አማስለው ወዲያው ከጠጡት ሙቀቱ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሟሟቶ ለቀናት ሲቀመጥ ነውና ጠዋት በጥብጠው ለሌላ ቀን አያስተርፉት። «ማይክሮናይዝድ» የሚለው ቃል ደግሞ ፍሬው ይበልጥ ደቅቋል ማለት ነው፤ ቶሎ ይሟሟል፣ ውሃው የሚሸከመው ጠቅላላ መጠን ግን አይጨምርም።

ባይሟሟስ? ያልሟሟው ዱቄት ከብርጭቆው ሥር ካልቀረ በቀር አይጠፋም። ጥቂት ውሃ ጨምረው አዙረው ይጠጡት፤ ሆድ ውስጥ ሙቀቱም ፈሳሹም ስላለ በዚያው ይሟሟል። በሟሙ፣ በጠጣርና በሥጋ ውስጥ ያለ ክሪያቲን ሲነጻጸር፣ የሟሟው በደም ውስጥ ቶሎና ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሌሎቹ ዘግየትና ዝቅ ይላሉ። የሚፈለገው ግን በጡንቻ ውስጥ በሳምንታት የሚጠራቀመው ስለሆነ የአንድ ሰዓት ልዩነት ትርጉም የለውም። የሆድ አሲድስ ለምን አያበላሸውም የሚል ጥያቄ ከላይ ካልሁት ተነሥቶ ሊመጣብዎ ይችላል። በጨጓራ ውስጥ ያለው እጅግ ብርቱ አሲድ ክሪያቲኑን መታጠፍ በማይመቸው መልክ ይይዘዋል፤ የሚያሳልፈውም ጊዜ አጭር ነው። የሚያጠቃው እንደ ጋሚው ያለው መካከለኛ አሲድ፣ ከረጅም ጊዜ ጋር ነው።

በካፕሱል ረገድ የሚያሳስብ ነገር ጥቂት ነው። ሽፋኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል፣ በውስጡ ያለውም ያው ደረቅ ዱቄት ነው። «00» የሚባለው ትልቁ የተለመደ ካፕሱል አንድ ሚሊሊትር አይሞላም፤ ክሪያቲንን ከ600 እስከ 750 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አንድ ካፕሱል 1.5 ግራም አለ የሚል ጽሑፍ ካዩ ዕቃውን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። ቤት ውስጥ ለመፈተሽ አሥር ካፕሱል በትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን መዝነው፣ ዱቄቱን አራግፈው፣ ባዶውን ሽፋን እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ ለአሥሩ ከ7.5 ግራም ካነሰ ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ ግን ማለስለሻ ዱቄትም ስለሚኖርበት ከፍተኛውን ጣሪያ ብቻ ነው የነገረዎት።

ክኒን ላይ ችግሩ መጠኑ ሳይሆን መፈራረሱ ነው። ዱቄቱ በኃይል ተጨምቆ ስለሚሠራ፣ ከልክ በላይ የተጨመቀ ወይም የሚበትነው ነገር ያነሰው ክኒን እንደ ጠጠር ይሆናል። የዩኤስፒ መስፈርት ያልተሸፈነ ክኒን በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈራርስ ይጠይቃል። በቤት ውስጥ አንዱን በ37 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ለእጅ አንጓ ሙቅም ቀዝቃዛም ሆኖ በማይሰማ ውሃ ውስጥ ጥለው፣ ሳይጨፈልቁ አልፎ አልፎ ብርጭቆውን ያወዛውዙት። የላቦራቶሪውን ያህል ትክክለኛ ባይሆንም ጥሩውን ከክፉው ይለያል። እኔ ራሴ አንድ ደንበኛ ያመጣልኝን ክኒን እንዲህ ሞክሬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርዙ ብቻ ተልጦ፣ ልቡ እንደ ነበረ አግኝቼዋለሁ። መፈራረስና መሟሟት አንድ እንዳልሆኑ ግን ይለዩ፤ ክኒኑ ተበትኖ ዱቄቱ ከሥር ቢተኛ ፈተናውን አልፏል።

ወንድምዎ የሚጾም ከሆነ፣ ክሪያቲኑ ራሱ በፋብሪካ ከሳርኮሲንና ከሳያናማይድ የሚሠራ እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም። ጥያቄው የሚመጣው በሽፋኑ ላይ ነው። ተራው ካፕሱልና ብዙው ጋሚ የሚሠሩት በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚገኝ ነው፣ የትኛው እንደሆነም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ካፕሱል ከፈለገ «ሃይፕሮሜሎስ» ወይም ከዕፅዋት የተሠራ የሚል፣ ጋሚ ከሆነ ደግሞ ፔክቲን የሚል መሆን አለበት። ንጹሕ ዱቄት ይህን ሁሉ ያስቀረዋል። ሥጋ አዘውትሮ የማይበላ ሰው የጡንቻው ክሪያቲን አስቀድሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሲጀምር ለውጡ ጎልቶ ሊታየው ይችላል።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ ለሁለታችሁም ዱቄቱ ነው፤ በይዘቱ ዝርዝር ላይ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ብቻ የተጻፈበት፣ ጣዕም ያልተጨመረበት። በውስጡ ያለው የፕላስቲክ ማንኪያ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ አንድ ጊዜ በሚዛን ላይ አድርገው 5 ግራሙ እስከ የት እንደሚደርስ ይዩና ከዚያ በኋላ በዓይን ይስፈሩት፤ አንድ ቀን 4፣ ሌላ ቀን 6 ቢሆን ችግር የለውም። ዱቄት ፈጽሞ የማይስማማዎ ከሆነ ክኒኑን ከላይ እንዳልሁት ፈትነው ይውሰዱ፤ ለመንገድ ቀናት ደግሞ ካፕሱሉ ይመቻል። ኩላሊትዎን የሚመለከት የደም ምርመራ ካለዎት ክሪያቲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን ኩላሊት ሳይታመም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላልና።

ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ ዕቃውን ከነማኅተሙ፣ ከነመለያ ጽሑፉ ይላኩት፤ ወደ ሌላ ፌስታል አይገልብጡት። ሻንጣ ውስጥ ያለው ሙቀት ጋሚን አቅልጦ አንድ ቁራጭ ያደርገዋል፣ ደረቁን ዱቄት ግን አይነካውም። ሲደርስ ጓል ጓል ብሎ ቢያገኘውም ጥቂት እርጥበት ስቦ ነው፤ በማንኪያ ጀርባ ፈጭቶ በሻዩ ይውሰደው። ረጥቦ ከተለጠፈ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ግን ይጣለው።